የሚያስቸግር ፊቸር ይውጣ ብሎ በአንድ ገጽ መጻፍ

ጥያቄ፦ «ባህር ዳር ያለ ትንሽ የሶፍትዌር ቡድን ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ ፊቸር አለን፤ ባጉን ባስተካከልን ቁጥር ሌላ ባግ ይወልዳል። ይውጣ ብዬ ለቲም ሊዳችን ስነግራት ‹በአንድ ገጽ ጽፈህ አምጣልኝ› አለችኝ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

ወንድሜ፣ መጻፍ ከመጀመርህ በፊት የተመዘገቡትን ባጎች ለሁለት ክፈላቸው። አንዱ ወገን ኮዱ ተሳስቶ የመጣ ነው፤ ሲስተካከል ይድናል። ሌላው ፊቸሩ ሊያውቀው የማይችለውን ነገር እንዲያውቅ ስለተጠየቀ የመጣ ነው፤ ይህኛውን የፈለገ ጎበዝ ቢያስተካክለውም አይድንም። ገጽህ ላይ መግባት ያለበት ሁለተኛው ብቻ ነው። ቀላቅለህ ካቀረብክ ቲም ሊድህ የሚድነውን ባግ አንስታ «ይኼንንማ ለምን አታስተካክሉትም?» ትልሃለች፤ እውነቷንም ነው።

እኛ ያየነውን ላውጋህ። እዚሁ ባህር ዳር ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የአባላት መመዝገቢያ ሠርተን ነበር። መዝጋቢው የልደት ቀን ሲጽፍ፣ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ሲስተሙ ራሱ ገምቶ ይለውጠዋል። የተጨመረው ያለምክንያት አልነበረም፤ ብዙው አባል በቀበሌ መታወቂያ ይመዘገባል፣ ከውጭ የተመለሰው ደግሞ ፓስፖርት ይዞ ይመጣል፣ የመስኮት ሠራተኞቹም ወረፋ እያለ አንድ ተጨማሪ ነገር መምረጥ አልፈለጉም። የግምቱ ልብ ይህቺ ነበረች፦

```python
if year > this_year_ec:
    return "GC"
return "EC"
```

ዓመተ ምሕረቱ ከእኛ ከዘንድሮው ከበለጠ የፈረንጅ ነው፣ ካልበለጠ የእኛ ነው ማለት ነው። ለክፍያ ቀን ይህ ጥሩ ይሠራል፤ የፈረንጁ ዓመት ከእኛ በሰባት ወይም በስምንት ስለሚቀድም የዛሬ ቀን አይምታታም። ለልደት ቀን ግን አይሆንም። 12/5/1990 ተብሎ ቢጻፍ ሁለቱም ንባብ ትክክለኛ ቀን ነው። በእኛ ጥር 12 ቀን 1990 ዓ.ም፣ የጥምቀት ማግስት፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 20 ቀን 1998 ነው። ከፓስፖርት የተገለበጠ ከሆነ ግን ሜይ 12 ቀን 1990 ነው፤ በእኛ ግንቦት 4 ቀን 1982 ዓ.ም። በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አለ። የትኛው እንደሆነ የሚያሳይ ምንም ነገር በተጻፈው ቁጥር ውስጥ የለም። መታወቂያውን በእጁ የያዘው ሠራተኛ ያውቃል፣ ሲስተሙ አያውቅም።

ለቲም ሊዳችን በጻፍነው ገጽ ላይ ሰፊውን ቦታ የሰጠነው ለጥገናው ሰንሰለት ነው። ወጣቶች ሕፃን ሆነው ሲመዘገቡ፣ «በእኛ ቆጥረን ከ18 ዓመት በታች ከሆነ የፈረንጅ ነው» የሚል ደንብ ተጨመረ። ያ ደንብ የልጆች ቁጠባን አበላሸ፤ በ2005 ዓ.ም የተወለደ ልጅ በፈረንጁ 2005 ተወልዷል ተብሎ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ተጨመረበት። ቀጥሎ «የልጆች ቁጠባ ከሆነ ሁልጊዜ በእኛ» ተባለ፤ ከዚያ ወላጆቹ ፓስፖርቱን ያመጡለት ልጅ ተሳሳተ። እያንዳንዱ ጥገና የቀደመውን ቅሬታ ዘግቶ ሌላ ሰው ላይ ከፈተ። ይህን ሰንሰለት ከሙሉ የባግ ዝርዝር ይልቅ እመርጠዋለሁ፤ አንባቢው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አራተኛውን ራሱ ይገምተዋል። የአንተን ከጊት ታሪክ ማውጣት ትችላለህ፤ የፋይሉን ስም በራስህ ቀይረው፦

```
git log --oneline -- src/date_guess.py
```

ያስቀረነውም አለ። በ2015 ዓ.ም ጳጉሜ ስድስት ቀን ስለነበራት የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው፤ የእኛ ኮድ ግን 11 ይል ነበር። አስቀያሚ ስህተት ነው፣ ግን የመለወጫው ስህተት እንጂ የግምቱ አይደለም። አስተካክለን ዘጋነው፣ ገጹ ላይ አልነካነውም።

የገጹ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ውሳኔው ራሱ ይሁን። የእኛ እንዲህ ይል ነበር፦ «የአቆጣጠር ግምቱ ከልደት ቀን ፎርም እንዲወጣ፣ በምትኩም መዝጋቢው አቆጣጠሩን እንዲመርጥ ውሳኔ እጠይቃለሁ፤ ለክፍያ ቀን ግምቱ እንዳለ ይቀጥላል።» የመጨረሻዋ ሐረግ ብዙ ጠቅማናለች፤ የሚሠራውን ክፍል ማንም እንደማይነካው ስትረዳ ቲም ሊዳችን ሌላውን በሰከነ ልብ አነበበችው። ከዚያ በታች ሰንሰለቱ፣ ቀጥሎ ምትኩ፣ ቀጥሎ የምናጣው። የፊቸሩን ታሪክና ማን እንደጻፈው አታስገባ፤ የጻፈው ሰው ስብሰባው ላይ ይኖራል፣ ክርክሩም ወደ እሱ ይዞራል።

ምትኩን ስትጽፍ ግምቱ በሌላ በር ተመልሶ እንዳይገባ ተጠንቀቅ። ሁለት ቁልፍ አደረግን፣ «የኢትዮጵያ» እና «የፈረንጅ»፤ ከሁለቱ አንዱም ቀድሞ የተመረጠ አይደለም። «የኢትዮጵያ» ቀድሞ ቢመረጥ ሠራተኛው ሳያየው ያልፋል፣ ያው ስህተት ይመለሳል። ከተመረጠ በኋላ ከሥሩ የወር ስም ያለበት ሙሉ ቀንና ዕድሜ ይወጣል። ሠራተኛዋ ዕድሜውን ጮክ ብላ ስታነበው አባሉ ራሱ «ኧረ አይደለም» ይላል። የወር ስሙም ይረዳል፤ ቁጥር ብቻ ሲሆን ዓይን ያልፈዋል፣ «ግንቦት» ሲል ግን ሰው የልደቱን ወር ያውቃል።

የምናጣውን በግልጽ ጻፈው፣ አታሳንሰው። የእኛ አንድ ተጨማሪ ንክኪ ነበር፤ ማኅበሩ ደግሞ የዘጌ ቡና በሚሸጥበት ሰሞን መስኮቱ ላይ ሰው ይበዛበታል። ስለዚህ ከመጻፋችን በፊት መስኮቱ ጋ ቆመን አየን። ሠራተኛዋ ብዙውን ጊዜዋን የምታጠፋው ስምና ስልክ በመጻፍ ነው፤ መታወቂያው እጇ ላይ ስለሆነ አቆጣጠሩን ለመምረጥ የምታስብበት ነገር የለም። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስገባነው። ቲም ሊዳችን መጀመሪያ ያነሳችው ተቃውሞ ይኸው ነበር፤ መልሱ ገጹ ላይ ስለነበር ወዲያው አለፈችው።

ብዙ ሰው የሚረሳው የቆየውን መረጃ ነው። ፊቸሩ ሲወጣ አዲስ ስህተት ይቆማል እንጂ ዳታቤዙ ውስጥ ያለው አይታረምም። በእኛ በኩል የተቀመጠው ተለውጦ ያለቀው ቀን ብቻ ነበር፤ ሠራተኛው የጻፈው የመጀመሪያው ቁጥር አልተያዘም። በስክሪፕት በጅምላ እናርም የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ ያ ግን መልሶ መገመት ስለሆነ ገጹ ላይ «አናደርገውም» ብለን ከነምክንያቱ ጻፍን። ይልቅ ሁለቱም ንባብ የሚያስኬድባቸው መዝገቦች ምልክት ይደረግባቸዋል፣ አባሉ በሌላ ጉዳይ መስኮት ሲመጣ መታወቂያው ታይቶ ይረጋገጣል። ብድር የሚጠይቅ አባል ግን ሳይረጋገጥ አያልፍም። ይህ ሥራ ወራት እንደሚወስድና የማኅበሩ ሠራተኞች ላይ እንደሚወድቅ ሳንሸፍን ጻፍነው፤ ከእኛ ቡድን ውጭ ያለ ሰው መስማማት የነበረበት እዚህ ላይ ብቻ ነው።

አወጣጡን በሁለት መስመር ጨርሰው። እኛ መጀመሪያ ግምቱን በቅንብር አጠፋነው፣ ኮዱን ግን ለአንድ ወር አቆየነው፤ የወሩ ሂሳብ ሲዘጋ ምንም ካልተነሣ ኮዱም የግምቱ ቴስቶችም አብረው ይሰረዛሉ ብለን ቀኑንና የሚሰርዘውን ሰው ገጹ ላይ አሰፈርን። ቀንና ስም ካልተጻፈ የጠፋው ፊቸር ኮዱ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፣ አዲስ የመጣ ልጅም ቅንብሩን አይቶ መልሶ ሊያበራው ይችላል።