በቡድን ፎቶ ላይ የደበዘዘ ፊት ሲታደስ፣ ሰውየው ያው ራሱ መሆኑን ማጣራት

ጥያቄ፦ «የእናቴና የእህቶቿ የድሮ የቡድን ፎቶ አለኝ፤ ፊታቸው ደብዝዟል። በኮድፎርመር ሳድሰው ሁሉም ጥርት ብለው ወጡ፤ ታላቋ አክስቴ ግን ሌላ ሴት መሰለችኝ። በምን ላረጋግጥ?»

ዓይንዎን ይመኑ። ኮድፎርመርም ሆነ ጂኤፍፒጋን የተባሉት ፊት አዳሽ ሞዴሎች ፎቶው ላይ ያልተቀዳውን ከየትም አያመጡትም። የተማሩት ኤፍኤፍኤችኪው ከሚባለው የ70,000 ጥርት ያሉ የፊት ምስሎች ስብስብ ነው። ከዚያ ባወቁት መጠን፣ ለደበዘዘው ቅርጽ የሚስማማ ዓይን፣ አፍንጫና ከንፈር ይሠሩለታል። ከፎቶው የሚያገኙት መረጃ ባነሰ ቁጥር ግምታቸው ይበዛል።

የቡድን ፎቶ አደገኛ የሚሆነውም በዚህ ነው። ሞዴሉ እያንዳንዱን ፊት እየቆረጠ ወደ 512 በ512 ፒክሰል ያሳድገዋል። ከፊት የተቀመጠው ሰው ፊት 100 ፒክሰል ስፋት ቢኖረው፣ ከኋላ የቆመው ደግሞ 25 ብቻ ቢኖረው፣ ሁለቱም እኩል ጠርተው ይወጣሉ። ስለዚህ ጥራቱ ስለ እውነተኛነቱ ምንም አይነግርዎትም። አስቀድመው የእያንዳንዱን ፊት ስፋት በፒክሰል ይለኩ። በእኔ ልምድ ከ80 በላይ የሆነ ፊት ብዙ ጊዜ መልኩን ይጠብቃል፤ ከ30 በታች የሆነው ግን አዲስ ፊት ነው ማለት ይቀላል። የታተመው ፎቶ በእጅዎ ካለ በ600 ዲፒአይ እንደገና ስካን ያድርጉት። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ተልኮ የተጨመቀውን ቅጂ አይጠቀሙ።

ቀጥሎ በኮድፎርመር ትእዛዝ ውስጥ `-w` የሚለውን ቁጥር ይመልከቱ። ከ0 እስከ 1 ይሄዳል፤ ዝቅ ሲል ፊቱ ያምራል፣ ከፍ ሲል ለዋናው ምስል ይታመናል። በ0.5፣ በ0.7 እና በ0.9 ለየብቻ ያስኪዱት፦

```
python inference_codeformer.py -w 0.9 --input_path photo.jpg
```

በውጤቱ ማህደር ውስጥ `restored_faces` የሚለው እያንዳንዱን ፊት ለብቻው ይይዛል። ማጣራቱ የሚሠራው በእነዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰዎች የታደሰውን ፊት ከደበዘዘው ጋር ያነጻጽራሉ። ይህ አይበቃም፤ ከደበዘዘ ምስል የሚወጣው የፊት አሻራ ራሱ ደካማ ነው። ማነጻጸሪያው ከሌላ ቦታ የተገኘ፣ በተቀራራቢ ዕድሜ የተነሳ ጥርት ያለ ፎቶ መሆን አለበት። `insightface` በሚባለው የፓይተን ጥቅል ውስጥ ያለው የፊት መለያ ሞዴል እያንዳንዱን ፊት ወደ 512 ቁጥሮች ይለውጠዋል፤ የፊት አሻራ ያልኩት ይህን ነው። የሁለት ፊቶች ቁጥሮች ምን ያህል እንደሚቀራረቡም በነጥብ ይሰላል፤ ነጥቡ ከፍ ሲል ፊቶቹ ይበልጥ ይመሳሰላሉ። የአክስትዎን የታደሰ ፊት ከራሷ ፎቶ ጋር ብቻ ሳይሆን ከእህቶቿ ሁሉ ፎቶ ጋር ያነጻጽሩት። ከነጥቡ ከፍታ ይልቅ ቀዳሚው ማን እንደሆነ ይበልጣል።

እኔ በሠራሁት አንድ ፎቶ ላይ ሁለት እህትማማቾች ከኋላ ቆመዋል፤ የፊታቸው ስፋት 28 ፒክሰል ገደማ ነበር። በ0.5 የታላቅየዋ ፊት ከራሷ ፎቶ ጋር 0.34፣ ከታናሽየዋ ጋር ደግሞ 0.41 አመጣ። ሞዴሉ ወደ እህቷ መልክ ጎትቷት ነበር። ቀረብ ብዬ ሳየው ምክንያቱ ታወቀኝ፦ ግራ ቅንድቧን የሚከፍለው ጠባሳ ተሞልቷል፣ የተዘጋው ከንፈሯ ተከፍቶም ቀጥ ያለ የጥርስ ረድፍ ተሥሎበታል። በደበዘዘው ፎቶ ላይ በከንፈሮቿ መካከል የነበረው አንድ ቀጭን ፈዛዛ መስመር ብቻ ነው። በ0.9 ጥርሶቹ ጠፉ፣ ከራሷ ጋር ያለው ነጥብም 0.39 ሆኖ ከእህቷ 0.30 በለጠ። ምስሉ ሻካራ ነው፤ ሴትየዋ ግን እሷው ነች።

ነጥቡ ብቻውን ዳኛ አይሁን። በቅርብ ዘመዶችና በሕፃናት ፊት ላይ የመለያ ሞዴሎች በቀላሉ ይሳሳታሉ። ስለዚህ አንድ ፈተና ይጨምሩ፦ የአክስትዎን ጥርት ያለ ፎቶ ወስደው በቡድኑ ፎቶ ላይ እስካለው የፒክሰል ስፋት ያሳንሱት፣ ትንሽም ያደብዝዙት፣ ከዚያ ያድሱትና ከዋናው ጋር ያስተያዩት። እዚያም ሌላ ሴት ሆና ከወጣች በዚያ ስፋት ሞዴሉ እሷን መመለስ አይችልም፤ የትኛውም የ`-w` ቁጥር አያድነውም።

በመጨረሻ እናትዎን ይጠይቁ። ፊቱን ብቻ ቆርጠው፣ ማን የት እንደቆመ ሳያሳዩ፣ «ይህች ማን ናት?» ይበሉ። «አክስቴን አትመስልም?» ካሏቸው መልሱን አስቀድመው ነገሯቸው ማለት ነው።

ለሁሉም ፊት አንድ ቁጥር መጠቀም የለብዎትም። ጂምፕ በሚባለው የምስል ማረሚያ እያንዳንዱን ፊት በየንብርብሩ አስቀምጠው ለአንዷ 0.5፣ ለሌላዋ 0.9 መምረጥ ይችላሉ። ጠባሳ ወይም ማርያም ስሞሽ በጠፋበት ቦታ የታደሰውን ንብርብር በከፊል አጥፍተው ዋናው ከሥር እንዲታይ ያድርጉ። ፈተናውን ያላለፈውን ፊት እንደደበዘዘ ይተዉት፣ ዋናውን ፋይልም ከታደሰው ጋር አብረው ያስቀምጡ።