የራዶዋ መልሕቅ

«ጅማ ያሉት አባታችን በስልካቸው ማስታወቂያ አይተው አውቶማቲክ ራዶ ሰዓት በ4,800 ብር ሊገዙ ነው። ሐሰተኛ ሳይሆን አይቀርም ስንላቸው ተቆጡ። ፎቶዎቹን ይዘን እንዴት እናስረዳቸው?»

እኔም እዚሁ ጅማ ለአባቴ ይህንኑ ጉዳይ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ማስታወቂያው ስለ ወርቃማ ራዶ ነበር፣ ፊቱም ላይ «አውቶማቲክ» እና «ስዊስ ሜድ» ተጽፎበታል። አዲስ አውቶማቲክ ራዶ ከ1,000 የስዊዘርላንድ ፍራንክ በላይ እንደሚሸጥ ባውቅም፣ በዋጋው እንዳትጀምሩ እመክራለሁ። ስለ ዋጋ ስታነሱ አባት «ሰውየው ቸግሮት ይሆናል» ብለው ይመልሱላችኋል፤ ለዚያ ደግሞ መልስ የላችሁም። በዓይናቸው ከሚያዩት ነገር ጀምሩ።

እኔ የማስታወቂያውን ፎቶዎች ፎቶ ቤት ወስጄ በትልቁ አሳተምኳቸው፤ የስልኩ መስታወት ትንሽ በመሆኑና ባዘነበሉት ቁጥር ምስሉ ስለሚገለበጥ ለአዛውንት አይመችም። ከዚያ «አባባ፣ ይቺን መልሕቅ ይዩልኝ» አልኳቸው። በአውቶማቲክ ራዶዎች ፊት ላይ የምትታየው ትንሿ የመርከብ መልሕቅ የተለጠፈች ጌጥ ሳትሆን በመሐል ችንካሯ ላይ እንደ ልቧ የምትዞር ናት፤ ሰዓቱ ቀጥ ብሎ በተያዘ ጊዜ ከባዱ ጫፏ ሁልጊዜ ወደ መሬት ይወርዳል። በባትሪ በሚሠሩት ራዶዎች ላይ ግን መልሕቋ አትንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ይህ ምልክት የሚያገለግለው ፊቱ ላይ «አውቶማቲክ» ለተባለ ሰዓት ብቻ ነው።

ከፎቶዎቹ አንዱ ሰዓቱን ያሰረ ሰው ግራ እጁን ወደ ታች ዘርግቶ፣ በር አጠገብ ቆሞ የሚያሳይ ነበር። በዚህ አቋም ከ12 ወደ 6 የሚሄደው መስመር አግድም ይሆናል፣ የ3 ቁጥር ወገን ደግሞ ወደ መዳፍ፣ ማለትም ወደ መሬት ይዞራል። እውነተኛ ብትሆን መልሕቋ ወደ 3 ማመልከት ነበረባት። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው፣ ማስመሪያ ከበሩ ጠርዝ ጋር አስተካክለው ለኩና የመልሕቋ እግር ወደ 6 እንደሚያመለክት ራሳቸው ነገሩኝ። ቀጥሎ ሰዓቱ ቀጥ ብሎ የቆመበትን ሌላውን ፎቶ ተመለከቱ፤ እዚያም ወደ 6 ነበር፣ መልሕቋ ከቦታዋ አትነቃነቅም ማለት ነው። እኔ «ሐሰተኛ» የሚለውን ቃል እስካሁን አልተናገርኩም፤ ማንም ጎልማሳ ልጁ «ተታለሉ» ሲለው ደስ አይለውም፣ በተለይ በወጣትነቱ ራዶ ማሰር ምን ያህል ክብር እንደነበር የሚያውቅ ሰው።

ሁለተኛው ማስረጃ የጀርባው ፎቶ ነው፤ ከሌለ ሻጩን ጠይቁ። አባቴ ሊገዙት በነበረው ላይ አጉልተን ስናየው «ጃፓን ሙቭት» የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ ይህም ውስጡ ያለው ማሽን የጃፓን ነው ማለት ነው። የስዊዘርላንድ ሕግ አንድ ሰዓት «ስዊስ ሜድ» እንዲባል ማሽኑ ራሱ የስዊዘርላንድ መሆኑን ይጠይቃል፤ ስለዚህ የፊቱና የጀርባው ጽሑፍ በአንድ እውነተኛ ሰዓት ላይ አብረው ሊገኙ አይችሉም። አባቴን ከምንም በላይ ያሳመናቸው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሻጩ ራሱ የጻፈው ነገር ከራሱ ጋር ተጣልቷል።

በማስታወቂያው ላይ የነበረው እጅግ ያማረ ፎቶ ግን እንከን አልነበረውም፤ ይህም ሊያሳስታችሁ አይገባም። በጉግል ሌንስ ስፈልገው ያው ምስል በሌሎች ብዙ ሻጮች ገጽ ላይ ተገኘ። ለአባቴ በሚያውቁት ቡና ነገርኳቸው፦ ነጋዴ ከጆንያው አፍ ላይ የተለቀመውን አድርጎ ከሥር ሌላ ሲሞላ ምን ያደርጋሉ? «እጄን እከታለሁ» አሉ። እኛም እጃችንን የከተትነው ሻጩን አዲስ ፎቶ በመጠየቅ ነው፦ ቆጣሪዎቹ 2 ሰዓት ከ20 ላይ ይሁኑ፣ ሰዓቱ በጎኑ ቀጥ ብሎ ይያዝ፣ አጠገቡ የዕለቱ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይኑር። ሰዓቱን በጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ቢልክ ተቀባይነት የለውም፤ በተኛ ሰዓት ላይ መልሕቋ በየትኛውም አቅጣጫ ልትቆም ትችላለችና። መልእክቱን አባቴ በራሳቸው ስልክ ላኩት። ሻጩ የድሮዎቹን ፎቶዎች መልሶ ላከ፣ ቅድሚያ ክፍያ ጠየቀ፣ ሲደገምበት መመለስ ተወ።

አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ ያዙ። በጣም ያረጀ እውነተኛ ራዶ ላይ ቆሻሻ መልሕቋን ሊይዛት ይችላል፤ ስለዚህ የቆመች መልሕቅ ብቻዋን ለፍርድ አትበቃም፣ ከጀርባው ጽሑፍ ጋር ስትጣመር ግን ትበቃለች። በተቃራኒው መልሕቋ ብትዞርም ሰዓቱ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ፎቶ ሐሰተኛነትን ያጋልጥ ይሆናል እንጂ እውነተኛነትን አያረጋግጥም። ሻጩ ፈተናውን ካለፈና አባታችሁ አሁንም ከፈለጉ፣ ገንዘብ ሳይከፈል ሰዓቱ ጅማ ይድረስና ሰዓት ሠሪ ጀርባውን ከፍቶ ማሽኑን ይይላቸው።