የመጣልሽን ኮድ ማን ነው የጠየቀሽ?

«ፓስወርዴ ረጅም ነው፣ ማንም ሊገምተው አይችልም። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚሉት ነገር ምንድን ነው? ለእኔስ ያስፈልገኛል?»
*የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከሐዋሳ*

ያስፈልግሃል። ዛሬ ቁጭ ብሎ ፓስወርድ የሚገምት ሌባ ብዙም የለም። ፓስወርድ የሚሰረቀው በጅምላ ነው። ከዓመታት በፊት ተመዝግበህ የረሳኸው አንድ ድረ ገጽ ይዘረፋል። ኢሜይልህና ፓስወርድህ ከብዙ ሰዎች ጋር አንድ ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ። ሌባው ዝርዝሩን ለፕሮግራም ይሰጠዋል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ጂሜይልህን፣ ፌስቡክህን፣ የመሥሪያ ቤትህን ኢሜይል በየተራ ይሞክራል። አንዱን ፓስወርድ ሁለት ቦታ ተጠቅመህበት ከሆነ ርዝመቱ አያድንህም። ሃያ ፊደልም ቢሆን ኮፒ ተደርጎ ይለጠፋል።

ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማለት አንተ ከምታውቀው ነገር ላይ በእጅህ የያዝከውን ነገር መጨመር ነው። የምታውቀው ፓስወርዱን ነው። በእጅህ ያለው ስልክህ ነው። ፓስወርዱን ያገኘ ሰው ስልክህን ካልያዘ በሩ ላይ ይቀራል።

በ2021 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተባለው የነዳጅ ማስተላለፊያ ድርጅት ተጠልፎ መስመሩ ለቀናት ቆሞ ነበር። ጠላፊዎቹ የገቡት ሠራተኞች ከሩቅ ሆነው በሚገቡበት፣ ማንም በማይጠቀምበት አንድ አሮጌ አካውንት ነው። ሥራ አስኪያጁ ሴኔት ፊት ቀርበው ሲጠየቁ ፓስወርዱ ውስብስብ እንደነበር ተናግረዋል። ያልነበረው ሁለተኛው ደረጃ ነው። ድርጅቱ ለጠላፊዎቹ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሏል።

«የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም "ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ ድምጽ ስጪልኝ" ብሎ ሊንክ ላከልኝ። ቁጥሬን አስገባሁ፣ የመጣልኝንም ኮድ አስገባሁ። ማታውን በእኔ ስም ዘመድ ሁሉ ብር ይጠየቅ ጀመር። በኮድ የሚገባ ነገር እንዴት ይጠለፋል?»
*ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ*

በጣም አዝናለሁ። በዚህ ወር ብቻ ይህንኑ ታሪክ ከጎረቤቴም ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ የሆነውን ቀስ ብለን እንየው።

መጀመሪያ፣ ሊንኩን የላከልሽ የአክስትሽ ልጅ አይደለም። የእሱ አካውንት ቀድሞ ተወስዷል። አንቺ የድምጽ መስጫ በሚመስለው ገጽ ላይ ቁጥርሽን ስትጽፊ፣ ሌባው ያንኑ ቁጥር በራሱ መሣሪያ ቴሌግራም ላይ አስገባ። ቴሌግራም ደግሞ አዲስ ስልክ የገዛሽ መስሎት የመግቢያ ኮድ ላከልሽ። ኮዱ የመጣው ከእውነተኛው ቴሌግራም ነው፤ ያላጠራጠረሽም ለዚህ ነው። መልእክቱን አሁን መለስ ብለሽ ብታነቢው፣ ኮዱን ለማንም እንዳትሰጪ የሚል ማስጠንቀቂያ ከሥሩ አለ። ኮዱን ገጹ ላይ ስትጽፊው ሌባው እጅ ገባ፤ እሱም በራሱ ስልክ ላይ ጻፈው። አለቀ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ጂሜይል ላይ ፓስወርድ ይቀድማል፣ ኮዱ ሁለተኛ ነው። ቴሌግራም ላይ ግን ፓስወርድ የለም፤ ኮዱ ራሱ ብቸኛው ቁልፍ ነው። ስለዚህ ኮድ ስለመጣልሽ ብቻ ሁለት ደረጃ አለኝ ብለሽ ነበር፤ የነበረሽ ግን አንድ ነው። ሁለተኛውን ራስሽ ማብራት አለብሽ። Settings፣ ከዚያ Privacy and Security፣ ከዚያ Two-Step Verification ውስጥ ገብተሽ ፓስወርድ አውጪ። መልሶ መግቢያ ኢሜይልም ሲጠይቅሽ አትዝለይው፤ ፓስወርዱን ብትረሺ የምትመለሺው በእሱ ነው። ይህ በርቶ ቢሆን ኖሮ ሌባው ኮዱን ከጻፈ በኋላ ፓስወርድ ይጠየቅና ይቆም ነበር።

ግን ሁሉንም ልንገርሽ። አንዳንዱ የሐሰት ገጽ ፓስወርዱንም ይጠይቃል። ያንንም ከሰጠሽው ሁለቱም ቁልፍ እጁ ገባ ማለት ነው። ኮድ የሚጻፈው አንቺ ራስሽ ልትገቢ በጀመርሽበት አፕ ላይ ብቻ ነው። ልግባ ሳትዪ ኮድ ከመጣ፣ ሌላ ሰው እየገባ ነው።

አሁን በስልክሽ ቴሌግራም የሚከፈት ከሆነ Settings ውስጥ Devices የሚለውን ንኪ። የማታውቂው መሣሪያ እዚያ ተዘርዝሮ ታዪዋለሽ። Terminate All Other Sessions በዪው። አዲስ የገባ መሣሪያ ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የቆዩትን ማስወጣት ስለማይችል፣ ያ ቀን ያንቺ ነው፤ አታሳልፊው። ካስወጣሽው በኋላ ፓስወርዱን አውጪ። ለዘመዶችሽ ደግሞ ደውለሽ በድምጽ ንገሪያቸው። በጽሑፍ ብትልኪ ሌባው ነው ብለው ሊጠረጥሩሽ ይችላሉ፤ ልክም ናቸው።

«ሪያድ ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው። የጂሜይልና የፌስቡክ ኮድ የሚመጣው በኢትዮጵያው ቁጥሬ ነው። ሲሙ ውስጥ ግን ካርድ ከሞላሁ ቆየሁ። ምን ላድርግ?»
*ከሪያድ*

እህቴ፣ ይህን ዛሬ ማታ ጨርሺው። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ተመልሶ ለሌላ ሰው ይሸጣል። አዲሱ ባለቤት ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ግን የአንቺ ኮድ እሱ ኪስ ውስጥ ይንጫጫል። ቴሌግራምሽም በዚያ ቁጥር ከሆነ፣ ለራሱ ልክፈት ሲል የአንቺን አካውንት ያገኘዋል።

ቁጥር ሆን ተብሎም ይሰረቃል። ሌባው አንቺን መስሎ ሲሜ ጠፋብኝ ይላል፤ ምትክ ሲም ይወጣለታል። በነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. የትዊተር መሥራች የጃክ ዶርሲ ቁጥር በቴሌኮም ድርጅቱ በኩል ተወስዶ፣ በራሱ አካውንት ላይ ሌሎች ሰዎች ጽፈውበታል። ምልክቱ አንድ ነው፦ የሁሉም ኔትወርክ እየሠራ ያንቺ ስልክ ብቻ ድንገት መስመር ያጣል። ያኔ ወዲያው ወደ ቴሌኮሙ መደወል ነው።

በኤስኤምኤስ የሚመጣ ኮድ ከምንም ይሻላል፤ በጅምላ የተሰረቀ ፓስወርድ ይዞ የሚመጣውን ያስቆማል። ግን ኮዱ የሚከተለው ቁጥሩን ነው፤ ቁጥሩ የሄደበት ይሄዳል። ለአንቺ የሚሻለው ኮድ የሚያወጣ አፕ ነው፤ ጎግል አውተንቲኬተርን የመሰለ። ጂሜይሉ ገና ክፍት ሳለ የደኅንነት ገጹ ውስጥ ገብተሽ አውተንቲኬተር ጨምሪ የሚለውን ስትመርጪ፣ ባለ አራት ማዕዘን ኪውአር ኮድ ያሳይሻል። በአፑ ስካን ስታደርጊው አንድ ሚስጥር ቁጥር ስልክሽ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጎግልም ያንኑ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም በየ30 ሴኮንዱ ሚስጥሩን ከሰዓቱ ጋር አስልተው አንድ ዓይነት ባለ 6 አኃዝ ቁጥር ያወጣሉ። ምንም የሚላክ ነገር የለም። ሲም አያስፈልግም፣ ኢንተርኔት ባይኖርም ኮዱ ይወጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛ አገር የሚያጋጥም ስለሆነ። አንዳንድ ሰው የስልኩን ሰዓት በእጁ ቀይሮ በሐበሻ አቆጣጠር ያደርገዋል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ስልኩም 1:00 እንዲል። ይህ ስልኩን ስድስት ሰዓት ያዛባዋል። አፑ የሚያወጣው ኮድም የስድስት ሰዓት ልዩነት ያለው ይሆንና ጎግል «ስህተት ነው» ይላል። እናቴ ስልክ ላይ ይህንን እስካገኘው ድረስ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መልሺው።

ፌስቡክ ላይም አፑን እንዲሁ ጨምሪው። በሁለቱም ሲሠራ ካየሽ በኋላ የድሮውን ቁጥር ከጂሜይሉም ከፌስቡኩም አውጪው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ቁጥሩን ወደ ሳዑዲው ለውጪ፤ አካውንቱ ከነውይይቱ ይቀጥላል።

«ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ "ለመግባት እየሞከርክ ያለኸው አንተ ነህ?" የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። እንቅልፍ ከለከለኝ። አንዴ አዎ ብለው ያቆማል?»
*ከዋሽንግተን ዲሲ*

በፍጹም አዎ እንዳትል። ጥያቄው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ፓስወርድህን አንድ ሰው ቀድሞ ስላገኘው ነው። የቀረው ያንተ አንድ ንክኪ ብቻ ነው፤ የሚያሰለችህም ለዚያ ነው። በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ኡበር የተጠለፈው እንዲሁ ነው። በኮንትራት የሚሠራ አንድ ሰው ጥያቄው እየተደጋገመ ሲመጣበት በመጨረሻ አንዱን ተቀበለ። አይደለሁም በል፣ ፓስወርዱን አሁኑኑ ቀይር። ፓስወርዱ ሲቀየር ጥያቄውም ይቆማል።

«ስልኬ ቢሰረቅብኝ ራሴ ውጭ አልቀርም?»
*ከባሕር ዳር*

ካልተዘጋጀህ ትቀራለህ። ጎግል ሁለተኛውን ደረጃ ስታበራ 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጥሃል፤ እያንዳንዱ አንዴ ብቻ ይሠራል። በወረቀት ጽፈህ ከልደት ካርድህና ከቤት ካርታህ ጋር አስቀምጠው። ስልኩ ውስጥ ስክሪን ሾት አድርገህ ብታስቀምጠው ከስልኩ ጋር ይሄዳል።

«ኮዱንም በሐሰት ገጽ መስረቅ ከተቻለ፣ የማይታለለው የቱ ነው?»
*የአይቲ ተማሪ፣ ከጎንደር*

ኮዱን ሰው የማይጽፍበት ዓይነት ነው። ፓስኪ ይባላል፤ ስልክህ ውስጥ ይቀመጥና በጣት አሻራ ይከፈታል። በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የደኅንነት ቁልፍም አለ። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው፦ ቁልፉ የተመዘገበበትን አድራሻ ያውቃል። ገጹ ጎግልን ቢመስልም አድራሻው አንድ ፊደል ከተለየ ቁልፉ ዝም ይላል። ያንተ ዓይን ሊሸወድ ይችላል፤ ቁልፉ ግን መልክ አያይም፣ አድራሻ ብቻ ነው የሚያነበው።

በ2022 እ.ኤ.አ. ክረምት ላይ ትዊሊዮና ክላውድፍሌር በተባሉ የአሜሪካ ድርጅቶች ሠራተኞች ስልክ ላይ ተመሳሳይ የሐሰት ኤስኤምኤስ መጣ። ትዊሊዮ ተጠለፈ። ክላውድፍሌርም ውስጥ ሦስት ሠራተኞች ተታለው ፓስወርዳቸውን ጽፈዋል። ነገር ግን መግቢያቸው የሚሰካ ቁልፍ ስለነበረ ሌባው በፓስወርዱ ምንም ሊያደርግ አልቻለም።

ይህም ቢሆን ከገባህ በኋላ ያለውን አይጠብቅም። ፓስወርድህ ተጠይቆ፣ ቁልፉ ተሰክቶ ከገባህ በኋላ ብራውዘሩ «ይሄ ሰው ተረጋግጧል» የሚል ትንሽ ፋይል ይይዛል፤ በየደቂቃው እንዳትጠየቅ። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ከየቦታው አውርደህ ስትጭን አብሮ የሚገባው ቫይረስ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ይህንኑ ፋይል ነው። ሌባው ፋይሉን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጠዋል፤ ኮድ ሳይጠየቅ አንተን ሆኖ ይገባል። ኮምፒውተርህ ላይ ይህ ደርሷል ብለህ ከጠረጠርክ መጀመሪያ ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ገብተህ ከሁሉም ቦታ ውጣ። ከዚያ እዚያው ላይ ፓስወርዱን ቀይር። የተጠረጠረው ኮምፒውተር ላይ ሆነህ ከቀየርከው አዲሱም ይሰረቃል።