ዐሥሩ ቀን ሲዘለል እሑድ የት ሄደ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ፈረንጆች እ.ኤ.አ. በ1582 ከአቆጣጠራቸው ላይ ዐሥር ቀን ቆርጠው ጥለዋል ይባላል። ታዲያ የሳምንቱ ዕለታት አልተዛቡም? ዛሬ እሑድ ብለን የምናስቀድስበት ዕለት ጌታ የተነሣበት እሑድ መሆኑን በምን እናውቃለን?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ። ይህን ጥያቄ ብዙ ምእመናን አንሥተውልኛል፤ አብዛኞቹም ስለ ሰንበት ከሚያጠራጥር ሰው ሰምተው የተረበሹ ናቸው። ስለዚህ ቁርጡን ልንገርሽ፤ አንድም እሑድ አልጠፋም። የተዘለለው የቀን ቍጥር ነው እንጂ ዕለት አይደለም።

የሆነውን ቀረብ ብለሽ ተመልከቺው። በሮም፣ በስፔንና በፖርቱጋል ኦክቶበር 4 ቀን 1582 ሐሙስ ነበር። ሕዝቡ አድሮ ሲነሣ እንደ ወትሮው ዓርብ ነጋ፤ ያ ዓርብ ግን ኦክቶበር 5 መባሉ ቀርቶ ኦክቶበር 15 ተባለ። ከዚያ ቅዳሜ 16፣ እሑድ 17 እያለ ቀጠለ። እንግሊዝ ለውጡን የተቀበለችው ቆይታ፣ በ1752 ነው። እዚያም ረቡዕ ሴፕቴምበር 2 ሲሆን ማግስቱ ሐሙስ ሴፕቴምበር 14 ሆነ። በመካከሉ ባሉት 170 ዓመታት ሮምና ለንደን ያንኑ ዕለት በተለያየ ቍጥር ሲጠሩ ኖረዋል፤ እሑዳቸው ግን አንድ ነበር። ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድም አያስፈልግሽም፤ እኛ መስከረም 1 የምንለውን እነሱ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይሉታል፤ ዕለቱ እሑድ ከዋለ ግን ለሁላችንም እሑድ ነው። ሰንበት ጠፋች የሚልሽ ሰው ካለ፣ ከሐሙስና ከዓርብ መካከል የትኛው ዕለት እንደ ጠፋ ይንገርሽ።

ቍጥሩን መዝለል ለምን አስፈለገ? የዩልዮስ ቄሣር አቆጣጠር ዓመቱን 365 ቀን ከ6 ሰዓት አድርጎ ስለሚቈጥር በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ፀሐይ የምትፈጽመው ዓመት ግን ከዚህ በ11 ደቂቃ ያህል ያጥራል። ይህች ትንሽ ትርፍ በ128 ዓመት ገደማ አንድ ሙሉ ቀን ትሆናለች። በ325 የኒቅያ ጉባኤ በተደረገበት ዘመን ቀንና ሌሊት የሚተካከሉበት ዕለት ማርች 21 ነበር፤ በ1582 ወደ ማርች 11 ወርዶ ተገኘ። ትንሣኤ የሚወጣው ከዚህ ዕለት ተነሥቶ ሙሉ ጨረቃን ተከትሎ ነውና፣ የሮሙ ፓፓ ጎርጎርዮስ 13ኛ ዕለቱን ወደ ማርች 21 ለመመለስ ዐሥሩ ቍጥር እንዲዘለል አዘዘ። ኦክቶበር የተመረጠው የሚዘለሉ በዓላት እንዲያንሱ ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ስሕተት አለ። ብዙዎች ችግሩ ዐሥሩ ቀን ሲቆረጥ የተፈታ ይመስላቸዋል። መቁረጡ የመለሰው እስከዚያ የተጠራቀመውን ብቻ ነው፤ አሮጌው ሕግ እንዳለ ቢቀጥል ልዩነቱ ያንኑ ጊዜ እንደገና መቆጠር ይጀምር ነበር። መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ ለ100 ከሚካፈሉት ዓመታት ውስጥ ለ400 የማይካፈሉት ፌብሩዋሪ 29 እንዳይኖራቸው ተደረገ። 1600ና 2000 ተጨማሪውን ቀን ሲያገኙ 1700፣ 1800ና 1900 አላገኙም። እንዲህ ሆኖ በ400 ዓመት ሦስት ቀን ይቀነሳል፤ 11 ደቂቃውም በ400 ዓመት ሲባዛ ሦስት ቀን ከአንድ ሰዓት ገደማ ነው። እንግሊዝ ዐሥር ሳይሆን ዐሥራ አንድ ቀን የዘለለችው 1700ን በአሮጌው ሕግ ስላሳለፈች ነው። በ1918 የተቀበለችው ሩስያ ደግሞ 1800ና 1900 ስለ ተጨመሩባት ዐሥራ ሦስት ቀን ዘለለች።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 የምታደርግበትን ሥርዓት ያለ ልዩነት ይዛለች። ዐድዋን አስቢ። የካቲት 23 ቀን 1888 በእነሱ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር፤ ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። ቀናችን ከቦታው አልተነቃነቀም፤ እነሱ በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ስለ ዘለሉ ነው። ሰባት ስምንት ዓመት የምንለያይበትን ነገር ግን ከዚህ ጋር አትቀላቅዪው፤ እሱ ከጌታ ልደት ጀምሮ ዓመታቱ ከተቈጠሩበት መንገድ የመጣ ነው።

እግዚአብሔር ብርሃናትን «ለምልክቶች ለዘመኖች ለዕለታት ለዓመታትም ይሁኑ» ብሎ ሲፈጥር (ዘፍ. 1፥14) ሩጫቸውን ሰጣቸው፤ የቍጥሩን ስም ለሰው ተወለት። ሰው ስሙን ስላስተካከለ የእግዚአብሔር ዕለት አይሰረዝም። በዚህ አትታወኪ፤ ጎረቤትሽንም በሌላ ቍጥር ስለሚቈጥር አትኰንኚው።

በውጭ አገር የምታሳድጓቸውን ልጆች ግን ገና ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው ብላችሁ አታስተምሯቸው። 2100 ለ400 ስለማይካፈል ፌብሩዋሪ 29 አይኖረውም፤ ስለዚህ በ2101 የእኛ ገና ጃንዋሪ 8፣ ጥምቀትም ጃንዋሪ 20 ይውላል። ታኅሣሥ 29ንና ጥር 11ን ያጥኑ።