ስለ «ኩድ»፣ «ዉድ» እና «ማይት»፦ በእንግሊዝኛ ለምትጽፉ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በእንግሊዝኛ የሚላኩ የሥራ ደብዳቤዎችን በመጻፍና የባልደረቦቼን ረቂቅ በማረም ነው። በእነዚያ ረቂቆች ላይ ከሰዋስው ስሕተት ይልቅ ደጋግሞ የገጠመኝ ችግር፣ ጸሐፊው ትሑት ሰው ሆኖ ሳለ ደብዳቤው ግን የአዛዥ ደብዳቤ ሆኖ መገኘቱ ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት ዓመታት ስለፈጀብኝ እናንተ ያን ያህል እንዳትቆዩ ብዬ ይህን ጻፍኩላችሁ።

በአማርኛ «እባክዎ ሪፖርቱን ይላኩልኝ» ስንል አክብሮቱ ያለው «እባክዎ» በሚለው ቃል ላይ ብቻ አይደለም። «ይላኩልኝ» የሚለው ግስ ራሱ አክብሮትን ተሸክሟል፤ ለእኩያችን ቢሆን «ላክልኝ» ወይም «ላኪልኝ» እንል ነበር። የዛሬው እንግሊዝኛ ግን ለሕፃኑም ለሽማግሌውም «ዩ» ከማለት በቀር አንቱታ የለውም። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩን ቃል በቃል ስንመልሰው የአንቱታው ክፍል መንገድ ላይ ይወድቅና «ፕሊዝ ሴንድ ሚ ዘ ሪፖርት» የሚለው ብቻ ይደርሳል። እኛ «ፕሊዝ» ስላልን የለመንን ይመስለናል፤ አንባቢው ግን የሚያየው ጨዋነት የተጨመረበት ትእዛዝ ነው። ቅጽ አሞላልን ለሚያስረዳ መመሪያ ይህ ይበቃል። የምንጽፈው ለማናዘው ሰው ሲሆን ግን ይሻክራል።

እንግሊዝኛ ይህን ጉድለት የሚሞላው በረዳት ግሶቹ ነው። «ኩድ» የ«ካን»፣ «ዉድ» የ«ዊል»፣ «ማይት» የ«ሜይ» የኃላፊ ጊዜ ቅርጾች መሆናቸውን በትምህርት ቤት ተምራችኋል። (የእንግሊዝኛውን «ዉድ» በደብዳቤ ራስጌ ከምንጽፈው ከእኛ «ውድ» ጋር እንዳታምታቱት።) ታዲያ ነገ ለሚሆን ነገር የኃላፊ ጊዜ ቅርጽ ምን ያደርጋል? መልሱ በእናንተው አፍ ውስጥ አለ። ወደ አንድ ታላቅ ሰው ቢሮ የገባ ሰው «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር» ይላል። ፍላጎቱ ያለፈ አይደለም፤ እዚያው ቆሞ እየፈለገ ነው። «ነበር» ያለው ጥያቄውን ከራሱ አንድ እርምጃ ለማራቅና ሰሚው ሳያፍር «አይመቸኝም» የሚልበትን ቦታ ለመተው ነው። «ቢልኩልኝ» ብለን ዐረፍተ ነገሩን ሳንጨርስ የምንተወውም ለዚሁ ነው። «ኩድ ዩ ሴንድ ሚ ዘ ሪፖርት?» የሚለው ጥያቄ ከ«ይላኩልኝ» ይልቅ «ሊልኩልኝ ይችሉ ይሆን?» ወደሚለው ይቀርባል። ይህን ከተረዳችሁ ሦስቱን ግሶች እንደ ባዕድ ሕግ መሸምደድ አያስፈልጋችሁም።

አንድ የራሴን ጉዳይ ላንሣ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ የውጭ አማካሪ የላከልን ሠንጠረዥ 4ኛ ረድፍ ላይ 120፣ 85 እና 40 ተደምረው 254 ተብለዋል፤ ትክክለኛው ድምር 245 ነው። እኔም «ዩ ሜድ ኤ ሚስቴክ ኢን ሮው ፎር። ፕሊዝ ሴንድ ዘ ኮሬክትድ ቴብል ባይ መንዴይ» ብዬ ጻፍኩ። በአእምሮዬ የነበረው «ስሕተት ስለተገኘ እባክዎ አስተካክለው ይላኩልን» የሚል ነበር። ሠንጠረዡ ተስተካክሎ መጣ፤ አብሮት የመጣው መልስ ግን ሰላምታ እንኳ አልነበረውም።

አለቃዬ ደብዳቤዬን ካየ በኋላ በእርሳስ እንዲህ አድርጎ ጻፈልኝ፦ «ዜር ማይት ቢ ኤን ኤረር ኢን ሮው ፎር፤ አይ ጌት 245። ኩድ ዩ ሴንድ አስ ዘ ኮሬክትድ ቴብል ባይ መንዴይ?» የተለወጠው ጥቂት ነው። «ዩ ሜድ» ሲወጣ ስሕተቱ ከሰውየው ላይ ተነሥቶ ረድፉ ላይ ዐረፈ። «ማይት» ደግሞ ሰውየው ራሱ ደምሮ እንዲያገኘው ዕድል ሰጠው። እኔም «ድምሩ ስሕተት መሆኑ እርግጥ ሆኖ ሳለ ‹ሊሆን ይችላል› ማለት ውሸት አይሆንም ወይ?» ብዬ ተከራከርኩ። «245 ብለህ ጽፈህለት የለ፤ ምኑን ደበቅኸው?» አለኝ።

በሚቀጥለው ጊዜ ትምህርቱን ከልክ በላይ ወሰድኩት። ለሌላ ሰው «ምናልባት ጊዜ ቢያገኙና ቢቻልዎ ሠንጠረዡን መለስ ብሎ ማየቱ መልካም ሊሆን ይችል ይሆናል» የሚል ይዘት ያለው ደብዳቤ፣ «ኩድ»ን፣ «ማይት»ን እና «ፐርሃፕስ»ን ደራርቤ፣ ቀኑንም ረድፉንም ሳልጠቅስ ላክሁ። ሁለት ሳምንት ጠብቄ ስደውል ሰውየው የጠየቅሁት ነገር መኖሩን እንኳ አላወቀም ነበር። በአለቃዬ ጽሑፍ ግን የለዘበው ግሱ ብቻ ነበር፤ «ሮው ፎር»፣ «245» እና «መንዴይ» እንዳሉ ቆመዋል። ረቂቃችሁን ስታነቡ ለአንድ ዐረፍተ ነገር አንድ ማለዘቢያ ብቻ ትታችሁ ሌላውን ሰርዙ፤ ከዚያ ምን፣ የትኛው፣ መቼ የሚሉት ሦስቱ በግልጽ መቀመጣቸውን ተመልከቱ።

ነገሩ የቁጥር ሳይሆን የአስተያየት ልዩነት ሲሆን «ዉድ» ይሻላል። «አይ ዉድ ሴይ ዘ ፈርስት ፕላን ኢዝ ሴፈር» የሚል ሰው ከኋላው «ብጠየቅ» የሚል ያልተነገረ ቃል አለ፤ ሐሳቡን ይሰጣል እንጂ የሌላውን አያፈርስም። አማራጭ ማቅረብ ከፈለጋችሁ «ዊ ኩድ ዌይት አንቲል ጁን» ማለት ሐሳባችሁን ከእነርሱ ሐሳብ ጎን ያስቀምጠዋል፤ «ዊ ሙስት ዌይት» ግን የእነርሱን ገፍቶ ይቀመጣል። አደጋ ባለበት ቦታ ይህን ሁሉ እርሱት። ኤሌክትሪክ ያልተቋረጠበትን ሽቦ ሊነካ ላለ ሰው «ማይት» አይባልም፤ «ስቶፕ» ይባላል።

አንድ ወጥመድ ብዙዎቻችንን ይይዛል። «ዉድ ዩ ማይንድ ዌይቲንግ?» ሲሏችሁ የተጠየቃችሁት «ብትጠብቁ ቅር ይላችኋል?» ተብላችሁ ነው፤ ስለዚህ ፈቃደኛ ከሆናችሁ መልሱ «ኖ፣ ኖት አት ኦል» ነው። በቅንነት «የስ» ያለ ሰው «አዎ፣ ቅር ይለኛል» ብሏል። ሌላም አለ፦ «ኩድ ዩ ሄልፕ ሚ?» ላላችሁ ሰው «የስ፣ አይ ኩድ» አትበሉ፤ ማለዘቢያው የጠያቂው ነው፣ መልሱ «ኦፍ ኮርስ» ወይም «የስ፣ አይ ካን» ነው። ደግሞም ግሱ ለስላሳ ነው ብላችሁ ሁልጊዜ አትዘናጉ። «ዩ ማይት ሃቭ ቶልድ ሚ» በቁጣ ድምፅ ሲነገር የእኛን «ብትነግረኝ ምን ነበረበት!» የሚለውን ወቀሳ ያህል ይከብዳል።

ከሁሉ የዘገየሁበት የሌሎችን ልዝብ ቃል ማንበብ ነው። ያው አለቃዬ አንድ ቀን «ዩ ማይት ዎንት ቱ ቼክ ዘ ቶታልስ» የሚል ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ትቶልኝ ሄደ። «ልትፈልግ ትችላለህ» የሚል ስለመሰለኝ፣ እኔም ስላልፈለግሁ፣ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጌ ወደ ሌላ ሥራዬ ዞርኩ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ድምሮቹን ሲጠይቀኝ የምሰጠው አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ከአለቃ የመጣ «ማይት» ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማደርገው ሠንጠረዡን መክፈት ነው።