ሰው ይገባል፣ አይመዘገብም፦ ስለ ላንዲንግ ፔጅ ጥያቄና መልስ

የዛሬው ርዕሳችን ጠባብ ነው፦ ላንዲንግ ፔጅ፣ ማለትም ማስታወቂያ የነካ ሰው የሚያርፍበት ገጽ። ከማስታወቂያ የመጣ ሰው መመዝገቢያው በተን ጋ ሳይደርስ የት ነው የሚጠፋው? አብዛኛው ሥራዬ ለማሰልጠኛዎችና ለትንንሽ ድርጅቶች ገጽ መሥራት ስለሆነ፣ ምሳሌዬም ከዚያው ሰፈር ነው። ጠይቁ፣ በተራ እመልሳለሁ።

የማሰልጠኛ ባለቤት፣ ቦሌ፦ የፒችትሪ አካውንቲንግ የምሽት ክፍል አለን። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ከፍለን እናስተዋውቃለን። ሰው ሊንኩን ነክቶ ይገባል፣ ግን አይመዘገብም። በተኑን ቀይ አደረግነው፣ አተለቅነው፣ ያው ነው። ሊንኩን በውስጥ ልኬልሃለሁ።

አየሁት። በቀለሙ አትድከሚ። ስልኬ ላይ ከፍቼ፣ ከላይ ጀምሬ በተኑ ጋ እስክደርስ በጣት የሚነካውን ሁሉ ቆጠርኩ። 6 የሜኑ ሊንክ፣ ሎጎው፣ 4 የሶሻል ሚዲያ ምልክት፣ 2 የስላይድ ቀስት፣ አንድ «ተጨማሪ ያንብቡ»። 14 መውጫ ማለት ነው። መመዝገቢያው 15ኛ ሆኖ ነው የሚመጣው። የፌስቡኩ ምልክት ደግሞ ይብሳል፤ ከፍላችሁ ከፌስቡክ ያመጣችሁትን ሰው መልሳችሁ ወደ ፌስቡክ ትሸኙታላችሁ። እዚያ ከገባ የአክስቱን ልጅ የሠርግ ፎቶ ያያል፣ በቃ አለቀ።

ስለዚህ ሜኑውን ከዚህ ገጽ አውጪው። ሎጎው ይቆይ፣ ሰው ማን ጋ እንደመጣ ይወቅ፤ ሊንክ ግን አይሁን። የሶሻል ሚዲያ ምልክቶቹ ይውጡ። ስላይዱን በአንድ ጥሩ ፎቶ ተኪው፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የሚጠብቅ ሰው ብዙም የለም። «ተጨማሪ ያንብቡ» ወደ ሌላ ገጽ ከሚወስድ፣ ጽሑፉ አጥሮ እዚያው ይነበብ።

ሁለተኛው ነገር አርዕስቱ ነው። ማስታወቂያችሁ «ፒችትሪ በምሽት፣ ከሥራ በኋላ» ይላል። ገጹ ሲከፈት ግን «እንኳን ወደ ማሰልጠኛችን በደህና መጡ» ነው የሚለው። ሰውየው የነካው ስለ ምሽቱ ክፍል ሲባል ነው። ያን ቃል መልሶ ካላየ ሌላ ቦታ የገባ ይመስለውና ይመለሳል። የማስታወቂያውን አባባል እንዳለ አምጪና አርዕስት አድርጊው። ከሥሩ በሁለት መስመር መቼ እንደሚጀምር፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የት እንደሆነና ዋጋውን ጻፊ። አዎ፣ ዋጋውንም። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው ልማድ እዚህ አያዋጣም፤ ዋጋውን ያላየ ሰው ሊጠይቅ ይወጣል፣ የወጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይመለስም። ከዚያ በተኑ። ከበተኑ በታች የሚማሩት ነገር፣ አስተማሪው፣ የአንድ ተማሪ ቃል፣ መጨረሻ ላይ ፎርሙ።

በተኑ ላይ «ላክ» ወይም «ቀጥል» አትበሉ። «ለምሽቱ ክፍል ይመዝገቡ» በሉት። ሲነካው ምን እንደሚሆን ይወቅ።

ፍሪላንሰር ነኝ፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ነው። ሰው ስክሮል አያደርግም። እኔ ለሁሉም ደንበኞቼ ፎርሙን ራሱን መጀመሪያው ስክሪን ላይ ነው የማስቀምጠው።

ግማሹ ልክ ነው። የላይኛው ክፍል ብዙ ዓይን ያገኛል፤ የድረ ገጽ አጠቃቀምን የሚያጠናው ኒልሰን ኖርማን ግሩፕ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት ሰው ገጽ ላይ ከሚያሳልፈው የማየት ጊዜ 57 በመቶው ሳይወርድ በሚታየው ክፍል ላይ ነው። ግን 57 መቶ አይደለም። ቲክቶክ ላይ ቀኑን ሙሉ ጣቱን ሲጎትት የሚውል ሰው መውረድ አያቅተውም፤ የሚወርድበት ምክንያት ግን ይፈልጋል። ነጻ ነገር የምትሰጥ ከሆነ ያንተ አካሄድ ይሠራል። ብር የሚከፈልበት ነገር ከሆነ ግን፣ ማን እንደሆንኩ ሳልነግርህ ስልክህን ስጠኝ እንደማለት ነው።

የወሰነውም ያልወሰነውም እንዲመቸው በተኑ ስክሪኑ ግርጌ ላይ ይጣበቅ፣ ሰውየው ፎርሙ ጋ ሲደርስ ደግሞ ራሱ ይልቀቅ። ጃቫስክሪፕት አይፈልግም፦

```html
<div class="info">
  <!-- አርዕስት፣ ዋጋ፣ ትምህርቱ፣ አስተማሪው -->
  <a class="cta" href="#register">ለምሽቱ ክፍል ይመዝገቡ</a>
</div>
<form id="register">...</form>
```

```css
.cta { position: sticky; bottom: 0; display: block; padding: 16px; }
```

ዘዴው በተኑ በ`info` ውስጥ የመጨረሻው ነገር መሆኑ ላይ ነው። ሰው እያነበበ ሳለ ከግርጌ አይለይም። `info` ሲያልቅ አብሮ ወደ ላይ ይሄዳል። ብዙዎች `position: fixed` ይጠቀማሉ፤ ያኔ ፎርሙ ላይም አይለቅም፣ የሚሞላውን ሳጥን ወይም መላኪያውን ራሱን ይሸፍናል። `sticky` እምቢ ካላችሁ፣ ከላይ ያቀፈው አንዱ ሳጥን `overflow: hidden` እንዳለበት እዩ። ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

ልጠይቅ፦ እኔም ድረ ገጼ ላይ ብዙ ሊንክ አለ። አሁን ሁሉንም ሰርዤ ጉግል ላይ ብጠፋስ?

ኧረ ተው፣ እንዳትነካው! የማወራው ለአንድ ማስታወቂያ ብቻ ስለሚሠራ ገጽ ነው። ዋናው ድረ ገጽህ ሜኑውን እንደያዘ ይቀመጥ። ላንዲንግ ፔጁ የራሱ አድራሻ ይኑረው፣ ማስታወቂያውም ወደዚያ ይምራ።

ከቨርጂኒያ፦ የታክስ ቢሮ አለኝ። ወላጆቹ አማርኛ፣ ልጆቹ እንግሊዝኛ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ገጹ ሲከፈት «ቋንቋ ይምረጡ» የሚል ፖፕአፕ አለው። ቀጠሮ ለመያዝ ደግሞ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም እጠይቃለሁ፣ ኋላ እንዳልመላለስ ብዬ።

ጋሼ፣ የሶሻል ሴኩሪቲውን ቁጥር ዛሬውኑ ያውጡት። ለቀጠሮ አያስፈልግም፣ ጥንቃቄ ያለው ሰው እዚያ ሳጥን ላይ ሲደርስ ገጹን ይዘጋዋል፣ ደግሞም እውነቱን ነው። ቁጥሩ ቢሰረቅ ጣጣው ለእርስዎም ይተርፋል። ስምና ስልክ ይበቃል፣ ሌላውን ቢሮ ሲመጡ ይቀበሏቸው።

ቋንቋውን ደግሞ ማስታወቂያው ራሱ ይምረጥላቸው። የአማርኛው ማስታወቂያ ወደ አማርኛው ገጽ፣ የእንግሊዝኛው ወደ እንግሊዝኛው ይምራ። ለተሳሳተ ሰው ከላይ ጥግ ላይ «English» የሚል አንዲት ትንሽ ቃል ትኑር። ይቺ አንዷ መውጫ አትጎዳም፣ ያው እርስዎ ጋ ነው የምትመልሰው።

ስለ አማርኛው ገጽ አንድ ነገር ልጨምር። የሚያምር የአማርኛ ፎንት ሲጫን ጊዜ ይወስዳል። ጽሑፉ መጀመሪያ በስልኩ ፎንት ይወጣል፣ ከዚያ አዲሱ ሲመጣ መስመሩ ሁሉ ይንሸራተታል፣ በተኑም አብሮ። ሰው ሊነካው ሲል ከጣቱ ሥር ይሸሻል። የዛሬ ስልኮች የራሳቸው የአማርኛ ፎንት ስላላቸው፣ ለዚህ ዓይነት ገጽ እሱኑ ይጠቀሙ።

የማሰልጠኛ ባለቤት፣ ቦሌ፦ ተመልሼ መጣሁ። ሜኑውን አወጣነው። ፎርማችን ግን ስም እስከ አያት፣ ኢሜይል፣ ስልክ፣ አድራሻ፣ የትምህርት ደረጃ፣ «ስለ እኛ ከየት ሰሙ»፣ የቴሌብር ደረሰኝ ፎቶ ይጠይቃል። የትኛውን ላውጣ?

ስምና ስልክ ብቻ አስቀሪ። አድራሻና የትምህርት ደረጃ ክፍል ሲመጡ ይሞላል። «ከየት ሰሙ» የሚለውን ሊንኩ ራሱ ይናገር፤ ቴሌግራም ላይ የምትለጥፊው ሊንክ መጨረሻ `?utm_source=telegram`፣ ፌስቡክ ላይ ያለው `?utm_source=facebook` ይኑረው።

ትልቁ ጉድ ያለው ደረሰኙ ላይ ነው። እስቲ አካሄዱን አስቢው። ሰውየው ገጻችሁን የከፈተው ቴሌግራም ውስጥ ነው። ፎርሙን ይሞላል፣ ደረሰኙ ጋ ሲደርስ ወጥቶ ቴሌብር ይከፍታል፣ ይከፍላል፣ ስክሪንሾት ያነሳል፣ ይመለሳል። ሜሞሪው ያነሰ ስልክ ከሆነ ሲመለስ ገጹ እንደገና ሊጭን ይችላል፣ የሞላው ሁሉ ይጠፋል። ሁለተኛ የሚሞላ ስንት ነው? መጀመሪያ ይመዝገብ። «ተመዝግበዋል፣ ቦታዎን ለማስያዝ በዚህ ቁጥር ይክፈሉ» የሚለው ቀጣዩ ገጽ ላይ ይምጣ። ያኔ ሳይከፍል ቢጠፋ እንኳ ስልኩ እጃችሁ ላይ አለ፣ ትደውያለሽ።

የስልኩ ሳጥን `type="tel"` ይሁን፣ የቁጥር ኪቦርድ ይከፈትለታል። ፎርማችሁ አሁን 09 ካልሆነ «የተሳሳተ ቁጥር» ይላል። በሳፋሪኮም ቁጥሬ በ07 ሞከርኩ፣ መለሰኝ። 07ም፣ 09ም፣ +251ም ይቀበል፣ በመሃል ክፍተት ቢኖርም አይጣል።

የትምህርት ቤት ሬጅስትራር፦ ይቅርታ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ሳይከፍል የተመዘገበ ሰው ትምህርቱ ሲጀመር አይመጣም። ዝርዝሩ ቢረዝም ምን ይሠራልኛል? እኔ ደረሰኝ እፈልጋለሁ።

ይሄ እውነተኛ ክርክር ነው። ተመዝግቦ የማይመጣ ብዙ አለ። ጥያቄው የሚደውል ሰው አላችሁ ወይ ነው። በዚያው ቀን የሚደውል ካለ ስም መሰብሰቡ ያዋጣል። የሚደውል ከሌለና ወንበሩም ጥቂት ከሆነ ያንተ ይሻላል፣ ግን ቢያንስ ክፍያው ከፎርሙ በኋላ ይምጣ፣ መሃሉ ላይ አይሁን።

ሌላ ሰው፦ ሐበሻ እኮ ሳይደውል አይመዘገብም። የስልክና የቴሌግራም በተን ከመመዝገቢያው ጎን እኩል ቢቀመጥ ምን አለበት?

እዚህ ላይ እኔም አንድ አቋም የለኝም። እኩል ሁለት በተን ሲቀመጥ ቀላሉ ያሸንፋል፤ ቴሌግራም ላይ «ሰላም፣ ዋጋው ስንት ነው» ብሎ የሚጠፋው ይበዛል። ጭራሽ ስልክ ከሌለ ደግሞ ሰው ይጠራጠራል፣ አጭበርባሪ በዝቷል። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን ከፎርሙ በታች በተራ ጽሑፍ አስቀምጣለሁ፣ በተን አላደርገውም። ቀልጣፋ ስልክ አንሺ ያለው ቢሮ ግን እኩል አድርጎ ሊያዋጣው ይችላል።

ሬጅስትራሩ፦ ታዲያ የትኛው እንደሠራ በምን ይታወቃል? አንዱ ሳምንት አንዱን፣ ሌላው ሳምንት ሌላውን ብሞክርስ?

ሳምንትን ከሳምንት ማወዳደር ያታልላል። አንዱ ሳምንት ደሞዝ የወጣበት ነው፣ ሌላው በዓል ያለበት። ጎብኚው ጥቂት ከሆነ ልዩነቱ እንዲሁ የዕድል ነው። ከዚያ ይልቅ አራት ቁጥር ያዝ፦ ስንት ሰው ገባ፣ ስንቱ በተኑን ነካ፣ ስንቱ የመጀመሪያውን ሳጥን መሙላት ጀመረ፣ ስንቱ ላከ። በተኑን ሳይነካ የሚጠፋ ከበዛ ችግሩ ከላይ ነው፣ አርዕስቱን፣ ዋጋውንና መውጫዎቹን እይ። ነክቶ ሳይሞላ የሚጠፋ ከበዛ ፎርሙ ሲያዩት አስፈሪ ነው። ሞልቶ ሳይልክ የሚጠፋ ከበዛ ደግሞ የሆነ ሳጥን እየመለሰው ነው፣ እንደ 07ቱ። ማይክሮሶፍት ክላሪቲ በነጻ ነው፣ ሰው ገጹ ላይ ጣቱን የት እንዳሳረፈ በቪዲዮ መልክ ያሳይሃል። ጥቂቱን ቁጭ ብለህ እይ። በተን ያልሆነ ፎቶ ላይ ደጋግሞ የሚነካ ሰው ካየህ፣ ፎቶው በተን መስሎታል፤ ያኔ ወይ ፎቶውን አውጣው፣ ወይ እሱንም ወደ `#register` ምራው።