ዕጣውን ግዢ፣ ባዶ ቼኩን ግን አትስጪ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ አሸዋ ሰፈር ትንሽ የልብስ ሱቅ አለኝ። ለአረፋ ዕቃ ለማስገባት 175 ሺህ ብር ያስፈልገኛል። ባንክ በ18 በመቶ ወለድ ያበድረኛል፤ መያዣ ግን የእናቴን ቤት ካርታ ይፈልጋል። 20 ሰው ያለበት ሳምንታዊ ዕቁብም አለ፤ 10 ሺህ ይጣላል። የመጀመሪያው ዕጣ የደረሰው ሰው በ15 ሺህ ሊሸጥልኝ ነው። ዳኛው ደግሞ ዋስና የፈረምኩበት ባዶ ቼክ አምጪ አለኝ። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ የድሬ ልጅ ነሽና አንቱታውን ትቼ አንቺ ልበልሽ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። ዕቁብ ወለድ የለውም ይባላል። ዕጣውን ተራሽን ጠብቀሽ ካገኘሽው እውነት ነው። አንቺ ግን ልትገዢው ነው። ከ200 ሺህ ላይ 15 ሺህ ለሻጩ፣ 10 ሺህ የዚያን ሳምንት ዕቁብሽ ሲወጣ እጅሽ የሚገባው 175 ሺህ ነው። ከዚያ 19 ሳምንት 10 ሺህ እየጣልሽ 190 ሺህ ትመልሻለሽ። ያችን 15 ሺህ ወለድ በያት። ያንኑ ገንዘብ ከባንክ ወስደሽ በዚያው አራት ወር ተኩል ቀስ በቀስ ብትመልሺ፣ ወለዱ ወደ 6 ሺህ ብር ገደማ ነው። የቤት ግምትና የመያዣ ምዝገባ ወጪ ይጨመርበታል። ያም ሆኖ በብር ብቻ ካየነው ባንኩ ይረክሳል።

ሳትገዢ ዕጣሽን ብትጠብቂስ? አረፋ ቀኑን አይጠብቅሽም። ዕጣሽ በ14ኛው ሳምንት ቢወጣ ዕቃው የሚገባው ገበያው ካለፈ በኋላ ነው።

እኔን እንደ ጠበቃ የሚያስጨንቀኝ ግን መክፈል ቢያቅትሽ የሚመጣው ነው። ዕቃው መንገድ ላይ ቢዘገይ፣ ወይም ገበያው ቢቀዘቅዝ ማን ምን ይወስዳል?

በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት ለመሸጥ ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልገውም። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ ከዚያ በሐራጅ ያወጣዋል። ለልብስ ዕዳ ብለሽ እናትሽን ከቤት ማስወጣት ማለት ነው። ከመያዣው ውል ጎን ሌላ ወረቀት ካለ ደግሞ አንብቡት። እናትሽን የዋስትና ውልም ካስፈረሟት፣ ዕዳው ከቤቱ አልፎ ወደ ሌላ ንብረቷ ሊሄድ ይችላል። አባትሽ በሕይወት ከሌሉና ውርሱ ካልተጣራ የወንድምና የእህቶችሽም ድርሻ አለበት። ያንን ሳትጨርሱ ካርታውን አታንቀሳቅሱት።

ዕቁቡ ግን ሊያስከፍልሽ ሲፈልግ መክሰስ አለበት። ደንቡንና ደረሰኙን አቅርቦ ይረታል፣ ከዚያ በአፈጻጸም ይጠይቃል። ጊዜ ይወስዳል። አንቺም ዳኛውን ለማናገርና ለመስማማት ፋታ ታገኛለሽ። ለዚህ ፋታ 9 ሺህ ብር ያህል አብልጠሽ ብትከፍይ አልቆጭም።

ባዶ ቼኩ ግን ይህን ሁሉ ይገለብጠዋል። ቼክ የመያዣ ወረቀት አይደለም፣ ሲቀርብ ወዲያው የሚከፈል ሰነድ ነው። በባዶው ቦታ ማን ስንት እንደሚሞላ አታውቂም። በሒሳብሽ ውስጥ በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቢቀርብ ጉዳዩ ወደ ወንጀል ይሄዳል። የ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 እያወቁ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣትን እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። «ለመያዣ ነው የሰጠሁት» የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞኛል። መርማሪ ፊት ከቆሙ በኋላ ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። በፍትሐብሔር ዕዳ የማትታሰሪውን በቼክ ልትታሰሪ ትችያለሽ።

ስለዚህ ለዳኛው ቼኩ በሁለተኛ ዋስ ይተካልኝ ብለሽ ንገሪው። የዋስትናው ወረቀት ላይ ከፍተኛው መጠን «190 ሺህ ብር» ተብሎ ይጻፍ። የፍትሐብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መጠኑ ያልተገለጸ ዋስትና አይጸናም ይላል፤ ለዕቁቡም ቢሆን ይህ ከባዶ ቼክ ይልቅ የሚያዋጣ ነው። ዕቁብሽን በጣልሽ ቁጥር ጸሐፊው የቀረውን ይጻፍልሽ፣ አንቺም ፎቶ አንሺው። የዕጣው ሽያጭም በሦስት መስመር ይጻፍ፤ ሻጩና ዳኛው ይፈርሙ። ሻጩ ከተቀበለሽ በኋላ «አልሸጥኩም» ቢል ምን ይዘሽ ትቆሚያለሽ?

ዳኛው ያለ ቼክ አይሆንም ካለ ዕጣውን አትግዢ። ያኔ ወደ ባንኩ ተመለሺና ቤቱን ትተው የሱቁን ዕቃ በመያዣነት ይቀበሉሽ እንደሆነ ጠይቂ። የ2011 አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረትን፣ የሱቅ ዕቃንም ጭምር፣ ለመያዣነት ይፈቅዳል። ሁሉም ባንክ ደስ ብሎት ይቀበላል አልልሽም። እምቢ ካሉሽ ደግሞ በ80 ሺህ ብር ዕቃ ጀምሪ።